ፎቶ አይሸትም

ከእንግዲህ «ይህ ቅጠል ይበላል?» ብሎ ፎቶ ለሚልክልኝ ሰው «አዎ» አልልም። ዘመድ ይሁን ወዳጅ፣ ፎቶው ጥርት ያለ ይሁን የደበዘዘ፣ መልሴ ያው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሰኔ ወር ታናሽ እህቴ ለላከችልኝ ፎቶ «አዎ» ብያት ባሏ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ገብቷል። ያቺን «አዎ» እስከ ዛሬ ልውጣት ብል አልዋጥልህ ብላኛለች።

እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ነው። ከቤቷ ራቅ ብሎ ተከራይታ ጎመንና ቃሪያ የምታለማባት ትንሽ መሬት አለቻት። ያን ሰኔ በጎመኑ መስመሮች መካከል ያልዘራችው ቅጠል ብቅ አለ። ለምለም ነው፤ ገና ስንዝር አልሞላም። በልጅነታችን ክረምት ሲገባ ከበቆሎ ማሳ ውስጥ የምንቀነጥሰው አሉማ መሰላት። አንዳንዱ አገር ልሽልሾ ይለዋል፤ የዱር ጎመን ብሎ የሚያልፈውም አለ። አጎንብሳ ከላይ ወደታች አነሳችውና ለቤተሰቡ ላከችው። አንዱ የአጎታችን ልጅ «አሉማ ነው፣ እንዴት ናፈቀኝ!» አለ። ሌላዋ «ቀቅለሽ ውሃውን ድፊው፣ ከዚያ በዘይት» ብላ አሠራሩን ጨመረችላት። እኔም አየሁትና «አዎ፣ እሱ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

ማታ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ሠራችው፤ በእንጀራ በሉ። ባሏ አብዝቶ በላ፤ እሷ ልጅ እያበላች ስለነበር ሁለት ጉርሻ ብቻ ቀመሰች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ባሏ አፌ ደረቀ አለ። ውሃ ጠጣ፤ ደግሞ ጠጣ፤ አልራሰለትም። ስልኩን ቢያነሳ ፊደሉ ተደባለቀበት፤ እጁን ቢዘረጋ ራቅ ያለው ይታየዋል፣ ቅርቡ ግን ጭጋግ ነው። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ገላው ያቃጥላል፣ ላብ ግን የለም። ከዚያ መናገር ጀመረ። ከብዙ ዓመት በፊት ካረፈ ወንድሙ ጋር ነበር የሚያወራው። እያወራም ከብርድ ልብሱ ላይ የሌለ ክር ይለቅማል።

እህቴ እየተንቀጠቀጠች ደወለችልኝ። በእኛ ሊነጋ ነው። ከሰሜን ሸዋ መጥተው እኔ ዘንድ የሰነበቱት አክስቴ ድምጿን ሰምተው ተነሱ። ስልኩን ሰጠኋቸው።

«ማንን ነው የሚያነጋግረው?» አሉ።

«ማንም የለም እትዬ፤ ብቻውን ነው።»

«በዪ አስተናግር በልቷል። አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ አድርሺው።»

እሳቸው ፎቶውን አላዩትም። እኛ ሦስታችን ፎቶውን በትልቁ ከፍተን አይተን የሳትነውን እሳቸው ሳያዩ በአንድ ጥያቄ ደረሱበት። አባቶቻችን ይህን ተክል ሲሰይሙት ቅጠሉን ወይም አበባውን ተመልክተው አልሰየሙትም፤ የበላው ሰው የሚሆነውን አይተው ነው አስተናግር ያሉት። ዕፀ ፋሪስ የሚለውም ስም የእሱ ነው፤ በሳይንሱ ዳቱራ ስትራሞኒየም ይባላል። በየመንደሩ ዳር፣ በከብት በረት ጥግ፣ አዲስ በታረሰ መሬት ላይ ይበቅላል። ሲያድግ ነጭ የጥሩምባ አበባ ያወጣል፤ ፍሬው እሾሃማ እንቁላል ይመስላል። ያኔ ማንም አይሳሳተውም። ከዚያ በፊት ግን ይሳሳታሉ፤ የእኔም ቁጣ እዚህ ላይ ነው።

ቅጠል ለቃሚ የሚፈልገው ለጋውን ነው። አሉማ ካበበና ዘር ካንዠረገገ በኋላ ይሻክራል፤ ስለዚህ ስንዝር ሳይሞላ ይቀነጠሳል። ይህ ማለት ተክሉን የምንበላው አበባም ፍሬም በሌለው ዕድሜው ነው ማለት ነው። መልክን ከመልክ በማያሻማ መንገድ የሚለዩት ሁለት ነገሮች፣ አበባና ፍሬ፣ ልንበላ ስንነሳ የሉም። «አስተናግርን አውቀዋለሁ፣ እሾሃም ፍሬ ያለው ነው» የሚለኝ ሰው የሚያውቀው ሽማግሌውን ነው። ልጁን አያውቀውም።

ልጁ ደግሞ አታላይ ነው። አስተናግር ሲያድግ የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ቢቆራረጥም፣ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎቹ ግን ጠርዛቸው ድፍን ነው፤ ጥርስ የላቸውም። ስለዚህ «ጥርስ የለውም፣ አሉማ ነው» የሚባለው ማስረጃ በጣም በሚያስፈልግበት ጊዜ ይከዳል። የግንዱ ቅላትም ይሸውዳል። አሉማ ግንዱ ቀላ ይላል፤ ወይን ጠጅ የሚመስል ግንድ ያለው አስተናግርም አለ። በእህቴ ፎቶ ላይ እኔን ያሳመነኝ ያ ቅላት ነበር። ሁለቱም ቅጠላቸው ተራ በተራ በግንዱ ላይ ይሰካል፤ ሁለቱም የታረሰና ፍግ የጠገበ መሬት ይወዳሉ፤ ሁለቱም በአንድ ዝናብ ይበቅላሉ። አንድ ጋት መሬት ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ታዲያ በምን ይለያሉ? በአሉማ እንጀምር። የአሉማ ለጋ ቅጠል ጫፉ ላይ እንደ ጥፍር ጭረት ትንሽ ስርጉድ አለ፤ ከስርጉዷ መካከል ፀጉር የምታህል ሹል ትወጣለች። ቅጠሉን ገልብጠው ጣትዎን ሲያሳልፉበት ጅማቱ ጎላ ብሎ ይዳሰሳል። ከነሥሩ ሲነቀል ሥሩ ብዙ ጊዜ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቀይ ያደላል። ሲያሹት የረባ ሽታ የለውም፤ እርጥብ ሣር ነው። አስተናግር ግን ቅጠሉ ወደ ጫፉ ሹል ነው፣ ስርጉድ የለውም። ቅጠሉ ከእጀታው ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ጎኖቹ እኩል አይወርዱም፤ አንዱ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ሥሩ ነጣ ያለ ነው። ገና ሲበቅል የሚያወጣቸው ሁለት የዘር ቅጠሎች ረዘም ያሉና ጠበብ ያሉ ናቸው፤ ከአሉማው ደቃቅ የዘር ቅጠል ብዙ ይበልጣሉ። ሲታሽ ደግሞ አፍንጫን የሚገፋ፣ የሚያቅለሸልሽ የከረመ ሽታ አለው። አንዴ ያሸተተው አይረሳውም።

አሁን ይህን ዝርዝር ይዤ ወደ እህቴ ፎቶ ልመለስ። ከላይ ወደታች የተነሳ ነው። የቅጠሉ ጀርባ አይታይም። ሥሩ መሬት ውስጥ ነው። ሽታ የለም። አጠገቡ ጣት ወይም ሳንቲም ስላልተቀመጠ መጠኑ አይታወቅም፤ የዘር ቅጠሉ የትልቁ ይሁን የትንሹ መለየት አይቻልም። የቅጠሉ ጫፍ በፀሐይ ነፀብራቅ ነጭ ሆኗል። ከዘረዘርኳቸው ምልክቶች ውስጥ ያ ፎቶ አንዱንም አልያዘም። የያዘው አረንጓዴ ቀለም፣ የቅጠል ቅርጽና ቀላ ያለ ግንድ ነው፤ ሁለቱም ተክሎች የሚጋሩትን። ሦስት ሰዎች፣ አንዱ እኔ፣ በዚህ ፈረድን።

ይህን ስናገር አንዳንድ ሰው «እንግዲያው ፎቶው ጥሩ አልነበረም፤ ጀርባውንም ሥሩንም ብታነሳ ኖሮ» ይለኛል። ይህን መከራከሪያ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነውና። በማግስቱ የእህቴ ጎረቤት ማሳዋን ሄደው አዩላት። እህቴ ያነሳችው ተክል ጉቶ እዚያው ቆሟል፤ ነቀሉት፤ ሥሩ ቀይ ነው። አሉማ ነበር! ፎቶው እውነተኛ ነበር። እኛም አልተሳሳትንም። ከእሱ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ እህቴ በእፍኝ እየቀነጠሰች ስታልፍ ጫፉን የቆረጠችው ሌላ ጉቶ ነበር። እሱን አሹት፤ ሸተተ።

ፎቶ የሚያሳየው አንድ ተክል ነው። ድስት ውስጥ የሚገባው ግን መቶ ቅጠል ነው። «ይህ ይበላል?» ሲባል ጠያቂው አንዱን ያሳያል፣ የሚበላው ግን ያላሳየውን ነው። ስለዚህ ፎቶው የቱንም ያህል ቢጠራ፣ ከየትኛውም ጎን ቢነሳ፣ መላሹ የዕፅዋት ሊቅ ቢሆን እንኳ «አዎ» የሚለው ቃል ቅርጫቱን አይሸፍንም። «አይሆንም» የሚለው ግን ይሸፍናል። በፎቶ ላይ የአስተናግርን ቅጠል ያየ ሰው «አቁሚ፣ ሁሉንም ድፊው» ቢል አይሳሳትም። ፎቶ ለመከልከል ይበቃል፤ ለመፍቀድ አይበቃም። ልዩነቱ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ በየቀኑ በስልክ «አዎ ብዪው» እንባባላለን።

የታሸገ ቅጠል የሚሸጡ ትልልቅ እርሻዎችም ከዚህ አላመለጡም። በታኅሣሥ ወር 2022 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ለጋ ስፒናች ገዝተው የበሉ ከመቶ በላይ ሰዎች የልብ ምታቸው ፈጠነ፣ ዓይናቸው ደበዘዘ፣ መቃዠት ጀመሩ። ቆይቶ ሲመረመር ከስፒናቹ ጋር አብሮ የታጨደው የአስተናግር ለጋ ቅጠል ሆኖ ተገኘ። ስፒናቹ ስፒናች ነበር። በመካከሉ የገባው ነው ሰዎቹን የጣላቸው።

እህቴ በምትኖርበት በዚያው ቨርጂኒያ ደግሞ ነገሩ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። በ1676 አመፅ ለማብረድ ወደ ጄምስታውን የተላኩ የእንግሊዝ ወታደሮች ለጋ ቅጠል ለቅመው ቀቀሉና በሉ። ሮበርት ቤቨርሊ የተባለው ጸሐፊ በ1705 ባሳተመው የቨርጂኒያ ታሪክ እንደሚተርከው ለ11 ቀናት እንደ ሕፃን ሆነው ከረሙ፤ ሲነቁም የሆነውን አንዱንም አላስታወሱም። አሜሪካኖች ይህን ተክል እስከ ዛሬ ጂምሰን አረም የሚሉት ከዚያች ከተማ ስም አሳጥረው ነው። ለእኔ ግን ከስሙ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ «ቀቀሉ» የሚለው ቃል ነው።

ምክንያቱም የእኛም ሰው የሚተማመነው በመቀቀል ነው። የአጎታችን ልጅ «ቀቅለሽ ውሃውን ድፊው» ያለችው ከእናቷ የተማረችውን ነው፤ ለአሉማ ትክክል ነው። ሳማም እንዲሁ ነው፤ ሲነኩት እጅ ያሳብጣል፣ ሲቀቀል መናደፉ ይጠፋል። ይህ ሳማ እየበላ ያደገን ሰው እሳት ሁሉን ያሸንፋል ብሎ እንዲያምን አድርጎታል። አስተናግር ውስጥ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉት መርዞች ግን በወጥ ቤት እሳት አይጠፉም። ውሃውን ቢደፉት ጥቂቱ ይወጣ ይሆናል፣ የቀረው ግን ቅጠሉ ውስጥ ነው። መጠኑም ከተክል ተክል፣ ከቅጠል ከዘር ስለሚለያይ «ትንሽ ቢገባ ምንም አይል» የሚባልበት ልክ የለውም። «ቅመሺው፣ ከመረረ ትፊው» የሚሉም አሉ። በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ቅጠል ምኑ ይመራል? የእህቴ ባል «ዛሬስ ጣፍጦሻል» ብሎ ነበር የጨረሰው።

ሆስፒታል ሲደርስ የዓይኑ ብሌን ተከፍቶ ጥቁር ብቻ ነበር። ልቡ ይሮጣል። ሽንቱ ስላልወጣለት በቱቦ አወጡለት፤ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጡት፤ ሌሊቱን ሙሉ ልቡን በመሣሪያ ሲከታተሉ አደሩ። በሁለተኛው ቀን ማን እንደሆነ አወቀ። በሦስተኛውም ቀን ፊደል ማንበብ አቅቶት ነበር። እህቴ በሁለት ጉርሻዋ አፏ ደርቆ ብርሃን ሲያስጠላት ዋለ፤ ልጁ አልቀመሰም። ልጁ ቀምሶ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ ይህን ጽሑፍ መጻፌን አቋርጬ እቀመጣለሁ።

አክስቴ ያን ሰሞን የነገሩኝን እዚህ ላስፍር፤ ከእሳቸው የተሻለ የሚያስተምር አላገኘሁምና። በእሳቸው ልጅነት ሴቶች ወደ ማሳ ሲወጡ በእፍኝ የሚቀነጥስ ልጅ ይገሠጽ ነበር። አንድ ግንድ ይያዛል፣ ቅጠሉ ይገለበጣል፣ ይታያል፣ ከዚያ ይቀነጠሳል፤ ቀጥሎ ሌላው። የማይተማመኑበት ከነሥሩ ይነቀላል። ቤት ሲገባ ሁሉም ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ እንደገና ይለቀማል፤ የምትለቅመው የቀነጠሰችው ሳትሆን ሌላ ሴት ናት። እኔ አውቃለሁ የምትል ዓይን የራሷን ስሕተት ስለማታይ ነው ይላሉ። ደረቅ እሾሃም ፍሬ ወድቆ ያዩበት መሬት ላይ ደግሞ በሚቀጥለውም ክረምት፣ ከዚያም በኋላ አይለቅሙም። የአስተናግር ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሳይሞት እንደሚቆይ ሳይንሱ አሁን ያውቃል፤ እሳቸው ከእናታቸው ሰምተውታል።

ሽታውን በተመለከተ ግን እሳቸውም ያስጠነቅቁ ነበር። ሽታ ካለ ይጣላል፤ ሽታ ባይኖር ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም። አፍንጫ ጉንፋን ይይዘዋል፣ ጣት ላይ የሽንኩርት ሽታ ይኖራል፣ ገና የበቀለች ቅጠል ጎልታ ላትሸት ትችላለች። ሥሩ፣ የቅጠሉ ጫፍ፣ ጀርባውና ሽታው ተስማምተው አንድ ነገር ሲናገሩ ነው የሚታመነው፤ አንዱ ካፈነገጠ ተክሉ ይቀራል። አሽተው ሲጨርሱም እጅ በሳሙና ይታጠባል። አስተናግር ያሸ ጣት ዓይን ከነካ ብሌኑን ይከፍተዋል፤ መብላት እንኳ ሳያስፈልግ።

የስሙም ነገር አለ። በፎቶ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ ስም ነው፤ «አሉማ ነው» ይባላል። የእኔ አሉማ ግን የአንቺ አሉማ መሆኑን በምን አወቅን? በአንዱ ወረዳ የሚበላው ቅጠል የሚጠራበት ስም በሌላው ወረዳ ሌላ ቅጠል ይጠራበታል። «የዱር ጎመን» የሚለውማ ስም አይደለም፤ ሰው ለማያውቀው ለምለም ነገር ሁሉ የሚሰጠው መጠሪያ ነው። አራት ሰው በአንድ ስም ሲስማማ የተማመንን ይመስለናል፤ አራታችንም በየልባችን የያዝነው የተለያየ ቅጠል ሊሆን ይችላል።

ፎቶ ጭራሽ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ከተበላ በኋላ ይጠቅማል። አፍ ከደረቀ፣ ቅርብ ያለ ነገር ከደበዘዘ፣ ፊት ከቀላ ወይም ሰው መቃዠት ከጀመረ ቅጠሉ ሳይጣል፣ የተረፈው ወጥና ከማሳው ከነሥሩ የተነቀለ ተክል በላስቲክ ተይዞ ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ፎቶውም ለሐኪሙ ይታያል። አሜሪካ ያላችሁ ሰው ራሱን ከሳተ ወይም መቃዠት ከጀመረ 911 ደውሉ። ራሱን ካልሳተና ምልክቱ ገና ቀላል ከሆነ በ1-800-222-1222 ሌሊትም ቀንም የመርዝ ጉዳይ የሚያማክር ባለሙያ ይመልሳል። ወተት አጠጥቶ፣ ጣት ከቶ አስታውኮ ሌሊቱን መጠበቅ ግን እብደት ነው፤ የሚቃዥ ሰው ሲያስታውክ ትን ሊለው ይችላል።

ባለፈው ሰኔ እህቴ ደወለችልኝ፤ ፎቶ አልላከችም። አንድ ቅርጫት አሉማ ግንድ በግንድ እያየች ከነሥሩ ለቅማ፣ ቤት ወስዳ ሰፌድ ላይ ዘርግታ፣ ባሏ ደግሞ እንዲለቅመው ሰጥታዋለች። ባሏ አንድ ነጭ ሥር አገኘ። ቀሪው ሁሉ ቀይ ነበር። ቅርጫቱን እንዳለ የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ገለበጠው፤ ያን ቀን ከሱቅ የገዙትን ቆስጣ በሉ።